ሺልድ፣ የተገመደ ሽቦና ፌራይት፦ የቱ የትኛውን ጫጫታ ያቆማል?

ጥያቄ፦ «ሰላም ባለሙያዎች። 300 ሰው የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ የድምፅ ሲስተም እቆጣጠራለሁ። ላፕቶፑ መድረክ ላይ ነው፣ ሚክሰሩ ከኋላ፣ መሃላቸው 25 ሜትር ኬብል አለ። ከላፕቶፑ መዝሙር ስንከፍት ከሥር «ሁምምም» የሚል ድምፅ አይጠፋም። ስልክ ሊጠራ ሲል ደግሞ «ጥጥጥ ጥጥጥ» ይላል። ውድ ሺልድ ያለው ኬብል ገዛሁ፣ ሁሙ አልቀነሰም። ፌራይት አሰርኩበት፣ አሁንም ያው ነው። ላይቭ የምናስተላልፍበት የኔትወርክ ኬብልም 1000 መሆን ሲገባው 100 ያሳያል፣ አንዳንዴም ይቆራረጣል። ሽቦው የተጠማዘዘ መሆን አለበት የሚሉኝም አሉ። እነዚህ ሦስት ነገሮች በትክክል ምንድን ነው የሚሠሩት? እኔስ የቱን ላድርግ?»

ምላሽ፦

ሰላም ወንድሜ። የገዛኸው ኬብል ጥሩ ኬብል ሊሆን ይችላል፣ ፌራይቱም እንደዚያው። ግን ለራስ ምታት የሆድ መድኃኒት ሰጥተኸዋል። አዳራሽህ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ችግሮች አሉ፣ ሦስቱም በተለያየ በር ነው የሚገቡት። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመግዛትህ በፊት አንድ ሙከራ አድርግልኝ።

መዝሙሩ ተከፍቶ ሁሙ እየተሰማ የላፕቶፑን ቻርጀር ከላፕቶፑ ንቀል። በባትሪ ይሥራ። ሁሙ ወዲያው ጸጥ ካለ ጉዳዩ የግራውንድ ሉፕ ነው፣ የትኛውም ሺልድ አያድንህም። ካልጠፋ ደግሞ ኬብሉን ከሚክሰሩ በኩል ንቀለው። አሁንም ሁም ካለ ከሚክሰሩ ወይም ከአምፑ ነው፣ ኬብሉን ተወው። ኬብሉን ስትነቅል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉ መንገድ ላይ እየለቀመው ነው። እንደጻፍከው ከሆነ የመጀመሪያው ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ምክንያቱም 25 ሜትር የተራራቁ ላፕቶፕና ሚክሰር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል በተለያየ ሶኬት ላይ ነው የሚሰኩት።

የግራውንድ ሉፕ የሚባለው እንዲህ ነው። ሚክሰሩ ከኋላ ባለው ሶኬት በኩል ከኧርዝ ጋር ተገናኝቷል። ላፕቶፑም ባለ ሦስት እግር ቻርጀር ካለው መድረክ ላይ ባለው ሶኬት በኩል ከኧርዝ ጋር ተገናኝቷል። ሁለቱ ኧርዞች ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ በመካከላቸው ትንሽ ቮልቴጅ አይጠፋም፣ ምክንያቱም በግድግዳው ውስጥ ብዙ ሜትር ሽቦ አለ፣ ሌሎች ዕቃዎችም በዚያ ላይ ትንሽ ትንሽ ጅረት ያፈስሳሉ። አሁን አንተ በመሃላቸው ኬብል ስትዘረጋ ያ ጅረት አዲስ መንገድ አገኘ። መንገዱ ምን ይመስልሃል? ራሱ ሺልዱ ነው።

ከላፕቶፑ የጆሮ ማዳመጫ ጃክ የሚወጣው ኬብል ባላንስድ አይደለም። አንድ ሽቦ ድምፁን ይወስዳል፣ መመለሻው ሺልዱ ነው። ስለዚህ ሺልዱ ላይ የሚፈስ ማንኛውም የ50 ኸርዝ ጅረት የሚፈጥረው ቮልቴጅ ከድምፁ ጋር ይደመራል። ሚክሰሩ ለይቶ ሊያውቀው አይችልም። በቁጥር እንየው። የ25 ሜትር ኬብል ሺልድ ግማሽ ኦም ቢሆን፣ 10 ሚሊአምፔር ቢያልፍበት፣ 5 ሚሊቮልት ይፈጠራል። ከላፕቶፑ የሚወጣው ድምፅ 300 ሚሊቮልት ገደማ ነው። ሁሙ የድምፁ አንድ ስልሳኛ ሆነ ማለት ነው። ይህ በዝምታ መካከል ጥርት ብሎ ይሰማል። ውድ ኬብል ስትገዛ የሺልዱ ኦም ትንሽ ይቀንስ ይሆናል፣ ነገር ግን መንገዱ አልተዘጋም።

መንገዱን የሚዘጋው ትራንስፎርመር ነው። አንድ ለአንድ የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር፣ ወይም ትራንስፎርመር ያለበት ባለ ሁለት ቻናል ዲአይ ቦክስ፣ ላፕቶፑ አጠገብ አስቀምጥ። ከላፕቶፑ እስከ ቦክሱ አንድ ሜትር አጭር ኬብል፣ ከቦክሱ እስከ ሚክሰር ያለው 25 ሜትር ደግሞ በማይክ ኬብል፣ ባለ ሦስት ፒን ኤክስኤልአር። ቦክሱ ላይ «ግራውንድ ሊፍት» የሚል ማብሪያ አለ፤ ወደ ሊፍት አድርገው። ድምፁ በማግኔት ተሻግሮ ያልፋል፣ የኧርዙ ጅረት ግን የሚያልፍበት ሽቦ የለውም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሁሙን ለማጥፋት የሶኬቱን የኧርዝ እግር የሚቆርጥ ሰው አለ። ይሠራል፣ ሁሙም ይጠፋል። ግን 220 ቮልት በሆነ ምክንያት የዕቃው ሣጥን ላይ ቢደርስ ፊውዙን የሚያቃጥለው መንገድ ተቆርጧል፣ ማይኩን የያዘ ሰው ደግሞ መንገድ ይሆናል። የድምፁ መስመር ላይ እንጂ የኤሌክትሪኩ ኧርዝ ላይ እጅህ አይረፍ።

አሁን የተገመደው ሽቦ። ይሄ ሰው የነገረህ ነገር ትክክል ነው፣ ግን ለብቻው ሳይሆን ከሁለተኛ ነገር ጋር ተጣምሮ ነው የሚሠራው። ከዲአይ ቦክሱ የሚወጣው የማይክ ኬብል ውስጥ ሁለት ሽቦዎች እንደ ፈትል ተገምደው ከላያቸው ሺልድ ለብሰዋል። ድምፁ በፒን 2 ይሄዳል፣ ግልባጩ በፒን 3፤ ፒን 1 ሺልዱ ነው። ሚክሰሩ የሚያነበው በ2ና በ3 መካከል ያለውን ልዩነት ብቻ ነው። በሁለቱም ላይ እኩል የተጫነ ነገር ካለ ልዩነቱ ዜሮ ስለሆነ ይጠፋል። ግመዳው የሚሠራው ይህችን «እኩል» የምትለውን ቃል ነው።

አስበው። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ሁለት ሽቦ ጎን ለጎን ቀጥ ብሎ ቢሄድ አንዱ ሁልጊዜ ለመስመሩ ይቀርባል፣ ሌላው ይርቃል። የሚለቅሙት እኩል አይሆንም። ሲገመዱ ግን በየጥቂት ሴንቲሜትሩ ቦታ ይቀያየራሉ። አንዱ ግማሽ ዙር ላይ የተጨመረው፣ በሚቀጥለው ግማሽ ዙር ይቀነሳል። ቴሌፎን ገና አዲስ በነበረበት ዘመን አሌክሳንደር ግራሃም ቤል እ.ኤ.አ. በ1881 የተገመደ የስልክ መስመር ላይ ፓተንት ያገኘው በዚሁ ምክንያት ነው።

ስንት ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ በማይክ እንየው። ማይክ ላይ ሰው ጠጋ ብሎ ሲያወራ የሚወጣው 2 ሚሊቮልት ገደማ ነው፤ ከላፕቶፑ በ150 እጥፍ ያነሰ። ለዚህ ነው ማይክ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚታመመው። አሁን ያልተገመዱ፣ 3 ሚሊሜትር የሚራራቁ ሁለት ሽቦዎች 25 ሜትር ሙሉ 10 አምፔር ከሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ኬብል በ10 ሴንቲሜትር ርቀት ጎን ለጎን ቢሄዱ፣ በስሌት ወደ 24 ማይክሮቮልት ሁም ይለቅማሉ። የድምፁ አንድ ሰማንያኛ ማለት ነው። ኬብሉን ወደ 30 ሴንቲሜትር ብታርቀው ብቻ ዘጠኝ ጊዜ ይቀንሳል፣ ምክንያቱም የኤሌክትሪክ ኬብሉ የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ አንድ ላይ ስለሆነ መስኩ በርቀቱ ካሬ ነው የሚወድቀው። ገንዘብ የማያስወጣ ሥራ ይሄ ነው። መሻገር ግዴታ ከሆነ ደግሞ በመስቀል አሻግረው፣ ጎን ለጎን አታስኬደው። ከዚያ በላይ ያለውን ግመዳው ይጨርሰዋል።

ስለዚህ የተገመደ ሽቦን ልዩነት ለማያነብ መሣሪያ አትስጠው። የተገመደ ኬብል ገዝተህ አንዱን ሽቦ ከሺልዱ ጋር አገናኝተህ ባለ ሁለት ፒን ጃክ ላይ ብትበይደው ሚክሰሩ ልዩነት አያነብም፣ እኩል የሚለው ነገር ትርጉም ያጣል። ግመዳውና ባላንስድ መግቢያው ባልና ሚስት ናቸው።

እሺ፣ ሺልዱ ታዲያ ምን ይሠራል? ሺልዱ የሚከለክለው የኤሌክትሪክ መስክን ነው። ኤሌክትሪክ ያለበት ሽቦ ምንም ጅረት ባያልፍበትም ቮልቴጅ ብቻውን አጠገቡ ወዳለው ሽቦ ትንሽ ይጫናል፤ እጅህን ባዶ ጃክ ጫፍ ላይ ስትነካ የምትሰማው «ቡዝዝ» ይኸው ነው። በመሃል ብረት ካለና ብረቱ ከሚክሰሩ ሣጥን ጋር ከተገናኘ ያ ሁሉ ወደ ሣጥኑ ይፈስሳል፣ ሽቦው አያየውም። ለዚህ ሥራ ቀጭን ፎይል እንኳ ይበቃል።

የማግኔት መስክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በ50 ኸርዝ የማግኔት መስክ መዳብ ውስጥ ተዳክሞ እንዲቀር መዳቡ ወደ 9 ሚሊሜትር ውፍረት ያስፈልገዋል። የኬብልህ ፎይል ከፀጉር ቀጭን ነው። ስለዚህ ከኤሌክትሪክ መስመር ወይም ከትራንስፎርመር የሚመጣ የማግኔት ሁም ፎይሉን ምንም እንዳልተደረገ ያልፈዋል። ለእሱ ግመዳና ርቀት ናቸው መፍትሔው። በ1 ሜጋኸርዝ ግን ይህ ውፍረት ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ድግግሞሹ ከፍ ሲል ያው ሺልድ ጠንካራ ይሆናል።

ፎይልና ሽርብ የምትመርጥ ከሆነ፦ ፎይል ሙሉ በሙሉ ይሸፍናል፣ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለሚቀር መስመር ጥሩ ነው፤ ግን ሲጠቀለልና ሲፈታ ይሰነጠቃል። መድረክ ላይ ለሚረገጥ ኬብል የተሸረበ መዳብ ይሻላል።

ሺልዱ የሚበላሸው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ጫፉ ላይ ነው። ኬብሉን የሚሠራ ሰው ሽርቡን 3 ወይም 4 ሴንቲሜትር አጠማዝዞ እንደ ጅራት አድርጎ ፒን 1 ላይ ይበይደዋል። ለ50 ኸርዝ ችግር የለውም። ለስልክ ሞገድ ግን ያ ጅራት ራሱ አንቴና ነው፣ የቀሩት ሽቦዎችም በዚያች ክፍተት ተገላልጠዋል። ጅራቱን አሳጥር፣ ሽርቡን እስከ ፒኑ ድረስ አምጣው።

ወደ ስልኩ እንምጣ፣ ምክንያቱም ፌራይትህ እዚህ ነው ሥራ የሚያገኘው።

ስልክ በ2ጂ ሲያወራ ያለማቋረጥ አያስተላልፍም። በየ4.6 ሚሊሰከንዱ አጭር ፍንዳታ ይልካል፣ በሰከንድ ወደ 217 ጊዜ ማለት ነው። ሞገዱ 900 ሜጋኸርዝ ስለሆነ ጆሮ አይሰማውም፣ ስፒከርም አያወጣውም። ነገር ግን ኬብሉ እንደ አንቴና ተቀብሎ ወደ ሚክሰሩ መግቢያ ሲያደርሰው እዚያ ያለው ትራንዚስተር ሞገዱን በግማሽ ቆርጦ ፍንዳታዎቹን ብቻ ያስቀራል። የሰማኸው «ጥጥጥ» ያ 217 ነው። ከመጥራቱ ጥቂት ሰከንዶች ቀድሞ የሚሰማው ስልኩ ከኔትወርኩ ጋር መነጋገር ስለሚጀምር ነው።

ፌራይት የብረት ኦክሳይድ ሴራሚክ ነው። ኬብሉ መሃሉ ሲያልፍ በሁለቱ ሽቦዎች ላይ የሚሄደውና የሚመለሰው ድምፅ ማግኔታቸው ስለሚጣፋ ፌራይቱ አያያቸውም። የስልኩ ሞገድ ግን በሁሉም ሽቦዎችና በሺልዱ ላይ በአንድ አቅጣጫ ስለሚሄድ የሚጣፋለት የለም፤ ፌራይቱ ይይዘውና ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። ስለዚህ ሙሉ ኬብሉን አስገባበት። አንዱን ሽቦ ብቻ ለይተህ ብታስገባ በቀሩት ሽቦዎችና በሺልዱ ላይ ያለው የስልክ ሞገድ ሳይነካ ያልፋል።

ለምን ሁሙን አልነካውም ካልክ፣ ተራ የሚከፈት ፌራይት በ100 ሜጋኸርዝ 100 እስከ 300 ኦም የሚሆን መከላከያ ያሳያል። በ50 ኸርዝ ግን ከአንድ ሺኛ ኦም በታች ነው። ግማሽ ኦም ሺልድ ላይ ይህ እንደሌለ ይቆጠራል። አሥር ብታስር ያው ነው።

ቦታው ወሳኝ ነው። የ900 ሜጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 33 ሴንቲሜትር ነው፣ ሩቡ 8 ሴንቲሜትር። ፌራይቱን ከመሰኪያው 20 ሴንቲሜትር አርቀህ ብታስር ከፌራይቱ እስከ ሚክሰር የቀረችው ኬብል ራሷ በቂ አንቴና ናት። ሚክሰሩ መግቢያ ላይ፣ ጃኩን እስኪነካ ድረስ አስጠጋው። ሁለቱ ግማሾች ሲዘጉ «ቀጭ» ይበሉ፤ ወፍራም ኬብል ይዞ ትንሽ ክፍተት ከቀረ ውጤቱ ብዙ ይወርዳል። ኬብሉን በፌራይቱ ውስጥ ሦስት ጊዜ አዙሮ ማሳለፍ መከላከያውን ዘጠኝ እጥፍ ይጨምራል የሚባለው እውነት ነው፣ ግን ለዝቅተኛ ሜጋኸርዝ፣ ለምሳሌ ከርካሽ ቻርጀር ወይም ከኤልኢዲ መብራት ለሚመጣ ጫጫታ ነው። በስልክ ሞገድ ላይ ዙሮቹ ተጠጋግተው ሞገዱ ከዙር ወደ ዙር ይዘላል። ለስልክ አንድ ጊዜ አሳልፈህ ሁለት ፌራይት ተከታትለው ቢታሰሩ ይሻላል።

ያንን አድርገህም ጥጥታው ካልጠፋ፣ ስልክህን ይዘህ በቀስታ ዙር። ደውልና ኬብሉ ላይ፣ ጃኩ ላይ፣ ከዚያ ሚክሰሩ ፊት ላይ አስጠጋው። ሚክሰሩ ላይ ብቻ የሚበረታ ከሆነ በሣጥኑ በኩል ነው የሚገባው፣ ኬብል ላይ የምትሠራው ነገር አይረዳም፤ የኦፕሬተሩ ስልክ ሚክሰሩ ላይ እንዳይቀመጥ ማድረግ ነው። አንድ ሜትር ርቀት ብዙ ይለውጣል።

የኔትወርክ ኬብልህ ጉዳይ በአብዛኛው የግመዳ ጉዳይ ነው። ውስጡ አራት ጥንድ አለ፣ እያንዳንዱ ጥንድ በተለያየ ጥብቀት ተገምዷል፣ ይህም ጥንዶቹ እርስ በርስ እንዳይጫጫኑ ነው። ችግሩ ጃኩ ላይ ያለው ቅደም ተከተል ነው። አንድ ጥንድ በፒን 3ና በፒን 6 ላይ መቀመጥ አለበት፣ በ4ና በ5 ሌላ ጥንድ ይገባበታል። ይህንን ያላወቀ ሰው ቀለሞቹን በተርታ 1-2፣ 3-4፣ 5-6፣ 7-8 ያስገባቸዋል፣ በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት። እኔ አንድ ጊዜ እንዲህ የተሠራ አዳራሽ ገጥሞኝ ግማሽ ቀን ጨርሶብኛል። ርካሹ ቴስተር ስምንቱንም መብራት አረንጓዴ አድርጎ ያልፍልሃል፣ ምክንያቱም እያንዳንዱ ሽቦ በትክክል ደርሷል። ግን በ3ና በ6 የሚሄደው ሲግናል ሁለት የማይተዋወቁ ሽቦዎች ላይ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ጥንድ፣ ሌላው ከሌላው። ግመዳው በሙሉ ከንቱ ሆነ።

ስለዚህ ሁለቱን ጃክ በዓይንህ እይ። በቲ568ቢ ከሆነ ከ1 እስከ 8፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። አረንጓዴው ለሁለት ተከፍሎ ሰማያዊውን መሃል ማስገባቱን ልብ በል። ቅደም ተከተሉ ትክክል ሆኖ 100 የሚያሳይ ከሆነ ከስምንቱ አንዱ ሽቦ አልነካም ማለት ሊሆን ይችላል፤ 1000 አራቱንም ጥንድ ይፈልጋል፣ 100 ግን በሁለት ጥንድ ይሠራል። ጃኩን ቆርጠህ እንደገና ምታው፣ ሽቦዎቹንም ከጃኩ ውጭ ከ13 ሚሊሜትር በላይ አትፍታቸው።

ሺልድ ያለው የኔትወርክ ኬብል እንድትገዛ የሚመክርህ ካለ ለአንተ አዳራሽ አያስፈልግህም። እያንዳንዱ የኔትወርክ ወደብ ውስጥ ትንንሽ ትራንስፎርመሮች አሉ፣ ያው ዲአይ ቦክሱ የሚሠራውን ሥራ ቀድመው ሠርተውልሃል። ሺልድ ያለው ኬብል በብረት ጃክ ስትሰካው ግን መድረኩንና የኋላውን ኧርዝ እንደገና ታገናኛለህ፤ ያስወጣኸውን ሉፕ በሌላ በር ታስገባዋለህ። ያልተሸለደ ካት 6፣ ከኤሌክትሪክ መስመሩ ራቅ ተደርጎ፣ ይበቃሃል።

መጀመሪያ ቻርጀሩን ነቅለህ የሰማኸውን ጻፍልኝ። ዲአይ ቦክስ ከመግዛትህ በፊት ላፕቶፑንና ሚክሰሩን በአንድ ዲቫይደር ላይ አድርገህ ሞክር፤ ዲቫይደሩን ከሚክሰሩ በኩል ባለ ኧርዝ ኤክስቴንሽን እስከ መድረክ ብትወስደው እንኳ ሁሙ ምን ያህል እንደሚቀንስ ይታይሃል።